በብርድ አገር፣ ፊት አመድ የማያስመስል ሰንስክሪን

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። ወደ ብርድ አገር ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። ፀሐይ የምትባለዋን በቅጡ ካየሁ ሰነበትኩ፤ ግን ጉንጬ ላይ ያሉት የብጉር ጥቁር ምልክቶች አልለቅ አሉኝ፣ እንዲያውም ባሰባቸው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያውን ቅባት፣ ተቀቢ ትለኛለች። በሕይወቴ ተቀብቼ አላውቅም። ፋርማሲ ሄጄ መደርደሪያው ፊት ሃያ ደቂቃ ቆሜ ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። በረዶ በሞላበት አገር፣ ለእኔ ዓይነት ጠይም ቆዳ የምር ያስፈልጋል? ከሆነስ የትኛውን ልግዛ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ እኔም የምሠራው ብርድ አገር ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከባንኮኒው ማዶ ሆኜ መደርደሪያው ፊት ቆመው የሚቀሩ ሰዎችን በየቀኑ አያለሁ። ቱቦ ያነሳሉ፣ ጀርባውን ያዩታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ስለዚህ አይድነቅሽ።

አጭሩ መልስ ይቅደም። ምልክት ስላለብሽ አዎ፣ ያስፈልግሻል። ስትገዢ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያፈጥበትን፣ ኤስፒኤፍ የሚባለውን ትልቁን የመከላከያ ቁጥር ትተሽ ቀለም ያለውን ፈልጊ። የቆዳ መልክ ያለው፣ ቡናማነት ያለው ሰንስክሪን ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ ያንቺን ጉዳይ በምትመስል አንዲት ልጅ ታሪክ ልንገርሽ።

ልጅቷ የመጣችው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ውጪ በረዶ ተቆልሏል። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ገባችና ስትፈታው በግራ ጉንጯ ላይ ሰባት ስምንት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ። ቀኙም አለበት፣ ግን ፈዘዝ ያለ ነው። «ብጉሩ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጥላው ነው የቀረው» አለችኝ። ጥሩ አባባል ነው፣ ከዚያ ወዲህ እኔም እጠቀምበታለሁ።

የጠየቅኳት የመጀመሪያ ነገር ስለ ክሬም አልነበረም። «ቀን ቀን የት ነው የምትቀመጪው?» አልኳት። ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮት ዳር፣ ሙቀት ማስተላለፊያው አጠገብ። መስኮቱ በየት በኩል ነው? በግራ። እሷም እንደተናገረች ገባት መሰለኝ፣ እጇን ወደ ግራ ጉንጯ ወሰደች።

እዚህ ጋ ትንሽ ላብራራ። ከፀሐይ የሚመጣው ዩቪ የሚባለው ጎጂ ጨረር በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዩቪቢ ይባላል፣ ቆዳ የሚያቃጥለውና የሚያቀላው እሱ ነው። ዩቪቢን ተራ የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ በዊንተርም ፀሐይ ዝቅ ስለምትል በጣም ይደክማል። ሁለተኛው ዩቪኤ ነው። እሱ አያቃጥልም፣ አይሰማሽም፣ ግን ቆዳን ያጠቁራል። ደመናውንም መስታወቱንም አልፎ ይመጣል። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ በዓይናችን የምናየው ብርሃን ራሱ አለ። በተለይ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላው ክፍሉ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቀለም እንዲመረት ያነሳሳል። ነጭ ቆዳ ላይ ይህ ብዙም አይታይም። ለዚህ ነው በነጭ ቆዳ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፈው ምክር ለእኛ ግማሽ ብቻ የሚሆነው።

ብጉር ሲድን የቆሰለው ቦታ ላይ ያሉት ቀለም አምራች ሴሎች ገና አልተረጋጉም። ትንሽ ብርሃን ሲነካቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መፍዘዝ የነበረበት ጥላ ስለዚህ በየቀኑ ይታደሳል። አንቺም መስታወት ፊት ቁሚና ሁለቱን ጉንጮችሽን አወዳድሪ። በመስኮት በኩል የሚውለው ከጠቆረ ነገሩ ገብቶሻል። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ብርሃኑ ብቻውን ላይሆን ይችላል፤ እጅሽ እየነካካው፣ ወይም አዲስ ብጉር እየወጣ ሊሆን ይችላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ለካ ከወር በፊት አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር። የገዛችው ለሕፃናት ተብሎ የተሠራ፣ ኤስፒኤፍ 50 የሆነ፣ «ለስስ ቆዳ» የሚል የተጻፈበት ነው። ብልህ ምርጫ ይመስላል። ተቀብታ ክፍል ስትገባ ጓደኛዋ «ምነው አመመሽ?» አለቻት። ፊቷ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቱቦው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ያ ክሬም መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጨረሩን የሚከላከለው በዚንክ ኦክሳይድና በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄቶች ናቸው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ያው ዱቄት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ሲሆን ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መልክ ይሰጣል። የቱንም ያህል ብታሺው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰንስክሪን ደግሞ ማንንም አይከላከልም።

ሦስት ቱቦ አወረድኩላት። ሁሉንም በእጇ ጀርባ ላይ ልትሞክር ስትል ከለከልኳት። የእጅ ቆዳና የፊት ቆዳ አንድ አይደለም። መንጋጋ ላይ፣ ከጆሮ በታች ወደ አንገት በሚወርደው መስመር ነው የሚሞከረው። አንድ ጣት የሚያክል መስመር በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል። ከዚያ ወዲያውኑ አይፈረድም። አሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ምክንያቱም እርጥብ ሲሆን ሁሉም ያምራል፣ ደርቆ ነው ጉዱ የሚታየው። ሲደርቅም በፋርማሲው አምፖል እንዳታዪው። በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። እሷን በረንዳው ላይ አውጥቼ በስልኳ ካሜራ አሳየኋት፣ እየተንቀጠቀጠች።

የመጀመሪያው ዱቄት የሌለው፣ ውኃ የሚመስል ቀጭን ፈሳሽ ነበር። መልኩ አልታየም፣ ጥሩ ነው። ግን ገና ስትቀባው «ለበለበኝ» አለች። ጉንጯን ጠጋ ብዬ ሳየው በብርዱና በማሞቂያው ደረቅ አየር ቅርፊት ቅርፊት ብሏል። እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ፈሳሾች ብዙዎቹ ቶሎ እንዲደርቁ አልኮል ይገባባቸዋል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አልኮል ምን እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂዋለሽ። በሞቃት ወር ምናልባት ተስማምቷት ነበር። አሁን አይሆንም። አልኮል መኖሩን ለማወቅ የይዘት ዝርዝሩን መጀመሪያ እዪ፤ ብዙ ያለው ነገር ቀድሞ ነው የሚጻፈው። አልኮል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቦታ ላይ ከተጻፈ ለዊንተር ተይው።

ሁለተኛው ቀለም ያለው ክሬም ነው፣ ፈዛዛው ዓይነት። ሮዝ መልክ ሰጣት፣ ጭንብል ያጠለቀች መሰለች። ሦስተኛው የዚያው ክሬም ጠቆር ያለው ዓይነት ነው። ደርቆ በር ላይ ስናየው የት እንደተቀባ መፈለግ ነበረብኝ። እሱ ነው።

አሁን አንቺ ዘንድ ያለው ችግር ይገባኛል። የቱቦው ጽሑፍ በማታውቂው ቋንቋ ነው፣ ፊት ለፊቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። አንድ ብልሃት ልስጥሽ። የሚታየውን ብርሃን የሚከላከለው አይረን ኦክሳይድ የሚባል የብረት ዝገት ዓይነት ቀለም ነው፤ ቡናማ መልክ የሚሰጠውም እሱ ነው። የይዘት ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ በቁጥር ይጻፋል፦ 77491 ቀዩ፣ 77492 ቢጫው፣ 77499 ጥቁሩ። የአገሩ ቋንቋ ምንም ይሁን ምን ቁጥሮቹ አይለወጡም። አንዳንድ አገር በቁጥር ፋንታ በስሙ ይጽፉታል። ሦስቱም ካሉ ክሬሙ ቀለሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። ከሌሉ፣ ቀለም የሌለው ሰንስክሪን ነው፤ እንዲህ ያለው ዩቪን በደንብ ሊከላከል ይችላል፣ የሚታየውን ብርሃን ግን ያሳልፈዋል።

ቀጥሎ የዩቪኤ ምልክት ፈልጊ። የአውሮፓ ምርት ከሆነ ዩቪኤ የሚሉት ፊደላት በክብ ውስጥ ተጽፈው ታገኛለሽ። ትርጉሙ የዩቪኤ መከላከያው ቢያንስ የኤስፒኤፉን አንድ ሦስተኛ ያህላል ማለት ነው። የጃፓንና የኮሪያ ምርት ላይ የመደመር ምልክቶች አሉ፣ በበዙ ቁጥር ይሻላል፣ አራት ትልቁ ነው። ይህ ምልክት የሚያስፈልግሽ ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር በዋናነት ስለ ማቃጠል ብቻ ስለሚናገር ነው።

ስለ ቁጥሩ ራሱ ብዙ አትጨነቂ። ኤስፒኤፍ 30 ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፣ 50ው 98 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። እኔ 50ውን የምመርጠው ሰው ሁሌ አሳንሶ ስለሚቀባ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዋናው ብልሽት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፣ ማሳነስ። በቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። ለፊት ብቻ ሲሰላ ከአንድ ግራም ትንሽ በለጥ ይላል፣ 1.2 ግራም ገደማ። በእጅ ስንለካው፣ በሌባ ጣትሽና በመካከለኛው ጣትሽ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር ጨመቅ አድርጊ። ያ ለፊትሽና ለአንገትሽ ነው። ብዙ ይመስላል። ልጅቷ ሳሳያት «ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። ምልክቱ አልፈዘዘም ብላ ቅር ብሏታል። ቱቦውን አምጪው አልኳት፣ ከቦርሳዋ አወጣችው። ባለ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ነው፣ ግማሹ እንኳ አላለቀም። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። በልኩ ብትቀባ ኖሮ በአርባ ቀን አካባቢ ነበር የሚያልቀው። እሷ ግን የአተር ፍሬ የምታክል ጠብታ ለፊቷ ሁሉ ስታዳርስ ነው የከረመችው። ግማሹን ከቀባሽ ደግሞ መከላከያው ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የገዛሽበትን ቀን ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ጻፊበት። ቶሎ አላለቀም ብለሽ ደስ አይበልሽ።

ለምን እንዳሳነሰች ስጠይቃት ሁለተኛው ነገር ወጣ። «ስጨምርበት እየተጠቀለለ ይፈረፈራል» አለች፣ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ። ይሄ የታወቀ ነው። በብርድ አገር ወፍራም ማለስለሻ ቅባት ከሥር ይቀባል፣ ሳይጠጣ ሰንስክሪኑ ይደረብበታል፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ይታሻሉ። መፍትሔው ቅባቱን ማሳሳትና ጊዜ መስጠት ነው። ቅባቱን ተቀቢና ጥርስሽን ቦርሺ፣ ልብስሽን ልበሺ። ከዚያ ሰንስክሪኑን በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ የአንዱን ጣት፣ ትንሽ ቆይተሽ የሁለተኛውን። አታሺው፣ በመዳፍሽ ጫን ጫን እያደረግሽ አስቀምጪው። ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከተፈረፈረ ሁለቱ አይስማሙም ማለት ነው፣ የሥሩን ቅባት ለውጪ።

አሁን ወደ «በረዶ አገር ያስፈልጋል ወይ» ጥያቄሽ። ብርዱና ጨረሩ አብረው አይሄዱም። ዩቪ የሚከተለው የፀሐይን ከፍታ ነው፣ ቴርሞሜትሩን አይደለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በኤፕሪል 20 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያለችበት ከፍታ በኦገስት መጨረሻ ሳምንታት ካለችበት ጋር እኩል ነው። በኦገስት ሰው ሁሉ ሰንስክሪን ይዞ ይወጣል፣ በኤፕሪል ግን ኮት ስለለበሰ ረስቶታል። ስልክሽ ላይ የአየር ሁኔታውን ስትከፍቺ UV የሚል ቁጥር አለ። 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ማንም ሰው፣ ምልክት ባይኖርበትም፣ መከላከል አለበት።

በረዶ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ንጹሕ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ዩቪ መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል። ከላይ ባርኔጣ አድርገሽ ከታች ይመታሻል፣ አገጭሽን፣ የአፍንጫሽን ቀዳዳ ዙሪያ። ተራራ ላይ ከወጣሽ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልጅቷ ክፍል ጓደኞቿ ጋር በረዶ ላይ ልትንሸራተት ስለምትሄድ ከንፈሯንና አገጯን ሥር እንዳትረሳ፣ ውጪ እስካለች ድረስ በየሁለት ሰዓቱ እንድትደግመው ነገርኳት። ቤተ መጻሕፍት ስትውል ግን ጠዋት አንድ ጊዜ በልኩ ከተቀባች ይበቃታል፣ ፊቷን ካላጠበች ወይም ካላሻሸች።

ዲሴምበር ላይስ? እኔ አላስገድድሽም። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በሚመሽበት አገር፣ ከመስኮት ርቀሽ የምትውይ ከሆነ ብትተይው ምንም አትሆኚም። መስኮት ዳር ከሆንሽ ግን ቀጥይ። ወይም ወንበርሽን ቀይሪ፣ እሱም መድኃኒት ነው።

«ሰንስክሪን ቫይታሚን ዲ አያሳጣኝም?» ማለትሽ አይቀርም። ቫይታሚኑ የሚሠራው በዩቪቢ ነው፣ እሱ ደግሞ በሩቅ ሰሜን ዊንተር ላይ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል፤ ብትቀቢም ባትቀቢም ከዚያች ፀሐይ የምታገኚው ነገር የለም። ጠይም ቆዳ ደግሞ ለመሥራት ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ የጤና ባለሥልጣናቱ በብርዱ ወራት ሰው ሁሉ በቀን 10 ማይክሮግራም እንዲወስድ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲያስቡበት ይመክራሉ። ባለሽበት አገር ያለውን መጠን ፋርማሲስትሽን ጠይቂ፣ ሐኪምሽ ደምሽን ካየው ደግሞ የእሱ ቃል ይቀድማል።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ካልሽኝ፣ ሰንስክሪን ጥላውን አያጠፋውም። እንዳይታደስ ነው የሚያደርገው። የሚያፈዘው ቆዳሽ ራሱ ነው፣ እሱም በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም። ልጅቷ በልኩ መቀባት ከጀመረች በኋላ ልዩነቱን በፎቶ ያየነው ከአራት ወር ወዲህ ነው። አንቺም ዛሬ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሺና በወር አንዴ ድገሚው፤ በየቀኑ መስታወት ማየት ምንም አይነግርሽም። ምልክቱ እንደ ነጠብጣብ ሳይሆን ሁለቱን ጉንጭና የላይኛውን ከንፈር እኩል የሚሸፍን ከሆነ ማድያት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ። እሱን የቆዳ ሐኪም ይየው። ቅርጹን የሚቀይር ወይም የሚደማ ነገር ካለ ደግሞ ጊዜ አትስጪው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጅቷ ራሷ መጥታ ያማረረችበትን። ቀለም ያለው ሰንስክሪን ሻርፕ ያበላሻል። ነጭ ሱፍ ሻርፗ በሳምንቱ አገጯ በሚነካበት ቦታ ቡናማ ሆነ። ከተቀባሽ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትጠቀለዪ ቆዪ፣ ለብርዱ ወራትም ጠቆር ያለ ሻርፕ ያዢ። የቆሸሸውን ውኃ ውስጥ ከመዘፍዘፍሽ በፊት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጊበትና በጣትሽ ቀስ ብለሽ እሺው። የእሷ በሁለተኛው እጥበት ለቋል።